የሲስተር ቆይ ንፍፊት

ጤና ጣቢያችን ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም። ታካሚ «ሲስተር» ይላታል። እኛ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ቆይ» እንላታለን፤ ከጠዋት እስከ ማታ «ቆይ፣ ተራሽን ጠብቂ»፣ «ቆይ፣ እጄን ልታጠብ» ስትል ነው የምትውለው። የወጣላትን ስም ታውቀዋለች፣ አትከፋበትም። መከፋትም ጉልበት ይጠይቃል።

እኔ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። መስኮቴ ከእሷ ክፍል ፊት ለፊት ስለሆነ የምትሠራውን ሁሉ አያለሁ። ካርድ ያወጣ ሰው መጀመሪያ እሷ ጋ ይገባል፤ ትኩሳቱን ትለካለች፣ ሚዛን ላይ ታቆመዋለች፣ ክንዱን በደም ግፊት መለኪያው ታስራለች፣ ከዚያ ማን ቀድሞ ሐኪም ጋ እንደሚገባ ትወስናለች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ወንበሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ታካሚው ይቀመጥበታል፣ እሷ ትቆማለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ አልጋ ላይ የዋለች አማቷ ትጠብቃታለች፤ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ የሷ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነጂ ስለሆነ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ስለዚህ ደከመኝ ስትል ማንም አልገረመውም። እሷን ያልደከማት ማንን ይድከመው? መጀመሪያ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዋ ላይ ደፋ ማለት ጀመረች። ቀጥሎ ጠዋት ስትመጣም ፊቷ ሲለፋ የዋለ ሰው ፊት ሆነ። «ድሮ እኮ ሁለት ፈረቃ ደርቤ እሠራ ነበር» ትለኛለች ወደ ቤት አብረን ስንሄድ፤ «አሁን ደረጃ መውጣት ተራራ ሆነብኝ። ሰነፍኩ መሰለኝ።» እኔም «እድሜ ነዋ፣ እትዬ» እላትና እንስቃለን።

እብጠቷን ያገኘችው የጋውኗን ቁልፍ ስትቆልፍ ነው። በግራ በኩል፣ ከአንገት አጥንቷ በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ሽምብራ የምታህል ነገር ከጣቷ ሥር ተንሸራተተች። ተጫነቻት። አላመማትም። ስላላመማት ደስ አላት። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስንት ሰው በመስኮቴ በኩል «አያምም እኮ፣ ዝም ብሎ እብጠት ነው» እያለ አልፏል መሰላችሁ! የሚያመውን ሰው ቶሎ እናየዋለን፣ የማያመው ግን ቤቱ ተቀምጦ እብጠቱን ያሳድጋል።

ታዲያ እሷ የጤና ባለሙያ አይደለችም ወይ? ናት። ችግሩም እሱ ነው። እኛ ጋ ቤተኛ ካርድ አያወጣም። ሠራተኛ ከታመመ ኮሪደር ላይ ሐኪሙን እጁን ይዞ ያቆመዋል፣ «እስኪ ይቺን እያት» ይለዋል፣ አለቀ። ሰልፍ መቆም ለእኛ ውርደት ነው፤ «ምነው፣ ሰው የለሽም እንዴ?» ያሰኛል። እሷም እንደ ወጉ አደረገች። አዋላጇ በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ «ጥርስሽ ነው» አለቻት። መድኃኒት ክፍል ያለው ልጅ ከመስኮቱ ወዲያ አንገቱን አስግጎ አየና አንቲባዮቲክ ሰጣት። ያኔ የነበረው ሐኪም ስልኩን በትከሻው ይዞ እብጠቷን እየተጫነ «መድኃኒቱን ጨርሺና አሳዪኝ» አለ፤ እሷ ስትጨርስ እሱ ተዛውሯል። ሁሉም ነካት፣ ማንም አልመረመራት። እብጠቷ የባቄላ ፍሬ አከለች። ሲስተር ቆይ ሻርፕ መልበስ ጀመረች።

በዚህ መሀል አትክልት የምትሸጥ አንዲት እናት ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አንገቷ ላይ፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ሁለት ሦስት እብጠት ወጥቶባታል። እናትየው ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል።

«ሲስተር፣ ልጄ ያ ክፉ በሽታ ነው አይደል የያዛት? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ» አለቻትና የልጅቷን ፀጉር ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። ራሷ ላይ ጭርት አለ፣ ተቧጥጦ መግል ይዟል። «ምንጩ ይኸውልሽ። እነዚህ እጢዎች ሁላችንም አለን፤ አንገት ላይ፣ ብብት ውስጥ፣ ብሽሽት ላይ። ጀርም ሲገባ የሚዋጉት እነሱ ናቸው፤ ሲዋጉ ያብጣሉ፤ ንፍፊት የምንለው እሱን ነው። የራስ ቁስል የአንገቱን ያሳብጣል፣ የእጅ ቁስል የብብቱን፣ የእግር ቁስል የብሽሽቱን። ሐኪሙ ለቁስሉ መድኃኒት ያዝላታል። ቁስሉ ቢድንም እብጠቱ ያን ዕለት አይጠፋም፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ባይቀንስ፣ ቢጨምር፣ ወይ ድንጋይ ቢሆን ግን ባያማትም አምጫት። ባያማትም! ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ፣ እቴ። እግዜር ይስጥሽ።»

እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ሰማሁ። ጥሩ አስረዳቻት። እናትየውን ስታስረዳ በግራ እጇ ሻርፗን ወደ ላይ እየሳበች ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ሲስተር ቆይ ጋውኗን በመርፌ ቁልፍ ከኋላዋ ማጥበብ ጀመረች። ስንቱን ሰው የምትመዝን ሴት አንድ ቀን እንኳ ሚዛኑ ላይ አልወጣችም። ሌሊት በላብ ተነክሬ እነቃለሁ አለችኝ፤ ያው የወር አበባ የሚቆምበት እድሜ ነው ብላ ራሷ መለሰችው። ሰውነቷን ይበላታል፤ ሳሙናው ነው። ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበራት፤ ደግሞ እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ልክ ነው የሚመስለው።

አትክልት ሻጯ ተመልሳ መጣች፤ የልጅቷ ራስ ድኗል። እብጠቶቹ ቀንሰው ከቆዳ ሥር በግድ የሚዳሰሱ ሆነዋል። እናትየው ምስጋናዋን አዥጎደጎደችው፤ ድንገት ግን ዓይኗ የሲስተር አንገት ላይ ቀረ። ከሙቀቱ የተነሳ ሲስተር ሻርፗን አውልቃ ነበር።

«ሲስተር፣ ያንቺ ምንድነው?»

«እሱ ቆይቷል። አያመኝም።»

«አያመኝም?» ሴትዮዋ የገበያ ሰው ናት፣ ድምጿን ዝቅ ማድረግ አታውቅም። «ባያማትም አምጫት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ለኔ ልጅ ሲሆን ሕግ፣ ላንቺ ሲሆን ቀልድ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ፣ እህቴ! ለካ ባለፈው ሻርፕሽን ወደ ላይ የምትስቢው ይሄን ለመሸፈን ኖሯል።»

ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ሲስተር ቆይ ሴትዮዋን ሸኘችና ክፍሏን ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ እኔ ጋ ትመጣለች ስል ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ኋላ ቆመች።

«ምን ትሠሪያለሽ? ነይ በዚህ ግቢ» አልኳት በመስኮቱ።

«ቆሜያለሁ አይደል። ሥራሽን ሥሪ።»

ተራዋ ሲደርስ «ካርድ አውጪልኝ» አለች። አፈርኩላትም፣ ፈራሁላትም። ለሠራተኛ ካርድ አውጥቼ አላውቅም። «ሐኪሙን ልጥራልሽ፣ ምን ካርድ ያስፈልግሻል?» ብላት «ኮሪደር ላይ ስዳሰስ ከረምኩ» አለች፤ «አሁን እንደ ሰው ልታከም።» ጻፍኩላት።

አዲሱ ሐኪም በእድሜ ልጇ ይሆናል። ካርዱን ሲያይ ግን እንደ ማንኛዋም ታካሚ አልጋው ላይ አስተኛት። በኋላ እንደነገረችኝ አንገቷን በሁለቱም በኩል፣ ብብቶቿን፣ ብሽሽቷን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ በግራ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ሥር ጣፊያዋን ፈለገ። ግራ ብብቷ ውስጥ እሷ ያላወቀችው ሌላ እጢ አገኘ።

«ሲስተር፣ ሌሊት ያልብዎታል?»

«እድሜ ነው ብዬ…»

«ያልብዎታል ወይስ አያልብዎትም?»

«ያልበኛል፣ ዶክተር።»

ሚዛን ላይ አወጣት። በኋላ ካርዱ ላይ የጻፈውን ቁጥር ሳይ እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ጋውኑ ብቻ ነው ያቆማት። ሐኪሙ አልሸፋፈነላትም። አብዛኛው እብጠት ከኢንፌክሽን ነው፤ እንዲህ ቀስ ብሎ ሳያም የሚያድግ የቲቢም ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎ ግን የካንሰር ይሆናል፤ በተለይ ከአንገት አጥንት በላይ ያለውን ችላ አንለውም አላት። በመዳሰስ ማንም መለየት አይችልም፤ ናሙና ያስፈልጋል። የደም ምርመራና ራጅ አዘዘ፣ ለናሙናው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት። እዚያ በመርፌ የተወሰደው ናሙና አልበቃ ስላለ እጢዋን በማደንዘዣ ሙሉውን አወጡት።

ውጤቱን የመጠበቁ ነገር ከሁሉ ከፋ። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ የሰው ትኩሳት ትለካለች፣ «ቆይ» ትላለች፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ አማቷን ታገላብጣለች። እኔ ግን ጸሎቴ ግራ ገባው፤ ሰው ለጓደኛው «ቲቢ አድርግላት» ብሎ ይለምናል? ለመንኩ።

የውጤቱ ዕለት ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ፤ ባሏ መንገድ ላይ ነበር። ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። ወንበሯን ወደ እሷ ሳበችና «ሲስተር፣ የእጢ ካንሰር ነው» አለቻት። «ግን ከሚታከሙት ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ከባድ ነው፣ ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ግን ድኖበታል። የት የት እንደደረሰ ማየት አለብን።»

ሲስተር ቆይ ቀና ብላ ተቀምጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ድካሙስ? ይሄ ሁሉ ድካም… ከእሱ ነው?»

«ከእሱ ነው እንጂ። ይህን ተሸክመሽ መቆምሽ ራሱ ይገርማል።»

ያኔ አለቀሰች። ስቅስቅ ብላ፣ ሕፃን ልጅ እንደሚያለቅስ። ስለ ካንሰሩ ያለቀሰች መስሎኝ አቀፍኳት፣ የማይረባ ማጽናኛ ደረደርኩ። አልሰማችኝም። ኮሪደሩ ላይ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች። የአውቶቡሱ ሞተር ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ ዳር ይዞ እስኪያቆም ጠበቀችው።

«አቆምክ? ስማኝ። ለካ ሰንፌ አልነበረም» አለችው። «ታምሜ ነው።»

«ምን? ማን ነው ሰነፍሽ ያለሽ?» ሲል ሰማሁት።

«እኔው ነኛ» አለች። «እኔው።»