ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ፈተና

አምቦ በአንድ ኮሌጅ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎች መምህር ሳለሁ፣ ለማጠቃለያ ፈተና የተፈታኞችን መመሪያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። መመሪያው በአንድ ገጽ እንዲያልቅ ተብሏል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ተፈታኝ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይገኛል፤ መታወቂያ፣ እስክሪብቶና ተራ ካልኩሌተር ብቻ ይዞ ይገባል፤ ስልክ ተዘግቶም ቢሆን አይገባም። ሠላሳ ደቂቃ ያረፈደ አይፈተንም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚወጣ የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ የመጨረሻው መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲያልፍብኝ ከሰዓቱ ጎን ያለችውን «AM» የምትል ቅንፍ አጠፋኋት። 9:00 ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን አደልን። ከእኔ ጋር የሚፈትነው አዛውንት መምህር መታወቂያ እያየ ሲያስፈርም አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘው። ከጌዶ እየተመላለሰች የምትማር የአንዲት ጤና ባለሙያ ወንበር ነው። ልጇ ታሞባት በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስላልመጣች መመሪያውን የወሰደላት ጓደኛዋ ነው።

«ይህቺ ልጅ ከፈተና ቀርታ አታውቅም» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን መመሪያ አንስቼ አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው።

ሁሌም በአክብሮት እንደምጠራው «ኦቦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት።

ቀስ ብሎ አነበበና «ሂጂ፣ ደውዪላት። እኔ አለሁ» አለኝ።

ለፈታኝም ስልክ ስለማይፈቀድ የእኔ ቢሮ ነበር። ሮጬ ሄድኩ። ብደውል አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጭራሽ «ጥሪ አይቀበልም» አለኝ። ሠላሳ ደቂቃው አለፈ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ተነሳ።

«አካም ጂርቱ፣ መምህር» ብላ በደስታ ሰላም አለችኝ። ጉደር አክስቷ ቤት አድራለች፤ ልብስ ስታጥብ ነበር።

«ፈተናው ተጀምሯል» አልኳት።

ድምፅዋ ተለወጠ። «ወረቀቱ ዘጠኝ ሰዓት ይላል እኮ፣ መምህር።»

«ይላል። ስህተቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ ነይ።»

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ቢሮው አገኘሁት። የሆነውን ስነግረው ፊቱ ላይ ቁጣ አልታየም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። «ሠላሳ ደቂቃውን እተውላታለሁ፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። «ግን ማንም ሳይወጣ ከደረሰች ብቻ። አንድ ሰው ጥያቄውን አይቶ ከወጣ በኋላ እሷን ባስገባ ፈተናው ፈተና አይሆንም።»

ወደ አዳራሹ ስመለስ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ከጉደር አምቦ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆማል። በረድፎቹ መካከል እየተመላለስኩ ዓይኔ አንድ ልጅ ላይ ቀረ። ሁልጊዜ ቀድሞ ጨርሶ የሚወጣ ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንደገና አነሳው። ደግሞ አስቀመጠው። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እሄዳለሁ፤ ያልፋል።

አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ልጁ ተነሳ።

ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ አልተቀበልኩትም። «ደግመህ አይተኸዋል?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሁለቴ፣ መምህር።»

ሌላ ምክንያት ልፈጥር አፌን ከፈትኩ። አዛውንቱ መምህር ከወዲያ ማዶ ራሱን ነቀነቀብኝ። በጻፍኩት መመሪያ መሠረት አንድ ሰዓት ከሞላ በኋላ ልጁን የማቆምበት መብት የለኝም። ተቀበልኩት፣ ፈረመ፣ ወጣ።

ከአራት ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ ደረሰች። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። ጫማዋ በጭቃ ተሸፍኗል። ባዶውን ወንበሯን አየች።

«ልግባ?»

«አትገቢም» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

አልጮኸችም። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ መመሪያዋን አወጣችና መስመሩን በጣቷ እያሳየችኝ ቆመች። «ሥራ ቦታ የለቀቁኝ ለዛሬ ብቻ ነው። ይህን ካላለፍኩ ዓመት መጠበቄ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ወስጄ ኃላፊው ፊት አቀረብኳት። እሱም ጥፋቴን በእጄ እንድጽፍ አድርጎ ጽሑፌን ከእሷ ወረቀት ጋር አያይዞ ለፈተና ኮሚቴው ላከ። ለጤና ጣቢያዋም ደብዳቤ ተጻፈላት። የኮሚቴው ውሳኔ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ያቺን ወንበር አያለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሷ ትሆናለች ብዬ እፈራ ነበር። አንድ ጊዜም አልደወለችም።

ውሳኔው ሌላ ጥያቄ ተዘጋጅቶ ብቻዋን ትፈተን የሚል ሆነ። እኔም ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አዲሱን ጥያቄ ሳዘጋጅ እንዳይቀልም እንዳይከብድም እየፈራሁ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ፈተንኳት፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

አለፈች። ውጤቷን ልትወስድ ስትመጣ «አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ግን ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም። የጌዶ መኪና እንዳያመልጣት ነው አለች፤ ወጣች።