የማይጠብቅ መድኃኒት

በ2016 ዓ.ም. ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንገድ ተዘግቶብን እኔና ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለ አልቤርጎ ተቀምጠን ነበር። የመጣነው ከቡሬ ገጠር ነው፤ የምንሄደው አዲስ አበባ።

የባለቤቴ እንቅርት ካንሰር ሆኖ ተቆርጦ ወጥቶላታል። ዘሩ ግን ሳንባዋ ላይ ወድቋል አሉን። የቀራት መድኃኒት ጨረር ያለው የአዮዲን እንክብል ብቻ ነው። እሱም ለቀጠሮዋ ቀን ተብሎ፣ በስሟ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን መጥቶላታል። ለእሱ ሲባል የዘወትር ኪኒኗን አስቆሟት፤ የሱቅ ጨውም አዮዲን አለበት ብለው ከለከሏት። ካንሰሩ አዮዲን ተርቦ ካልቆየ እንክብሉን አይጎርሰውም ተባልን። ኪኒኑ ሲቆም ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ። ሰው በሙቀት ሸሚዙን በሚያወልቅበት ከተማ እሷ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ከቤት ያመጣነውን ጨው አልባ ቂጣ በውኃ እያራሰች ታኝካለች።

ቀጠሮው ሲያልፍ እኔ ብዙም አልደነገጥኩ። እህል ጉድጓድ ገብቶ አፉ ከተመረገ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል። እንክብሉም በእርሳስ ሣጥን ተቆልፏል ብለውናል። ማን ይነካዋል ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀጠሮው ካለፈ በስምንተኛው ቀን ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ከፊት ጀምራ የምታውቃት ወጣት ሐኪም አለች። አዲስ አበባ ደወለች፤ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባቴ፣ መድኃኒቱ እኩሌታው ሄዷል» አለችኝ።

ማን ወሰደው አልኳት። ማንም አልወሰደውም አለች። ተቆልፎ የለም ወይ አልኳት። ተቆልፏል አለች። በቁልፍ ያለ ነገር ከጎደለ ቁልፉን የያዘው ይጠየቃል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ባለቤቴ ከጋቢዋ ውስጥ፣ «ተዋት አንተ ሰው። ሚዛን ይዘህ ልትመዝነው ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። በቆሎ ትቆላላችሁ አይደል አለች። ምጣድ ላይ የትኛው ፍሬ አሁን እንደሚፈነዳ የሚያውቅ የለም፤ ግን በስንት ጊዜ ግማሹ እንደሚፈነዳ ይታወቃል። ይህም እንደዚያ ነው፤ ለዓይን የማይታዩ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ እየፈነዱ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣሉ። ልዩነቱ እሳት አይፈልግም። ብትቆልፈውም፣ በበረዶ ብትቀብረውም ይፈነዳል። ሲፈነዳ የሚረጨው ጨረር ነው ካንሰሩን የሚገድለው። የዚህኛው ግማሹ በስምንት ቀን ይፈነዳል።

«እንግዲያ በሌላ ስምንት ቀን ያልቃላ» አልኩ።

«አያልቅም። ከቀረው ላይ ደግሞ ግማሹ ነው የሚሄደው። ሩብ ይተርፋል፣ ቀጥሎ የሩብ ግማሽ። እንዲህ እያለ ይመነምናል።»

ታዲያ የጨው አዮዲን ከዓመት ዓመት ቤታችን ሲቀመጥ ለምን አይፈነዳም ብዬ ያዝኳት። ስማቸው አንድ ነው አለች፤ የጨው ፍሬ ግን እምብርቱ የረጋ ነው፣ ዘላለም አይፈነዳም። የመድኃኒቱ እምብርቱ ላይ ትርፍ ቅንጣት ስላለበት አይረጋም። ሰውነት ደግሞ አይለያቸውም፤ ሁለቱንም እኩል ይጎርሳል። የማይረጋም ሁሉ ገዳይ አይደለም አለችኝ። በገዛ ሥጋችን ውስጥ ግማሹ እስኪፈነዳ እልፍ አእላፍ ዓመት የሚፈጅ አለ፤ እየቆየ ጥቂት ስለሚፈነዳ አይሰማንም። ክፉውን ከደጉ የሚለየው ስንቱ እንደሚፈነዳ፣ ምን እንደሚረጭ፣ የትኛው ብልት ላይ እንደሚቀመጥ ነው።

ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

የተረፈውን ስጧት አልኩ። ሳንባ ላይ ላለው አይበቃም አለች፤ ትንሽ ለሚበቃው ሌላ በሽተኛ ሊሰጡት ነው። ለእሷ እንደገና ይታዘዛል። እሱ እስኪመጣ ኪኒኗን ትጀምራለች፤ ሊደርስ ሲል ደግሞ ታቆማለች።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «ዳግመኛ አላቆምም ልጄ። እዚህ ብርድ ውስጥ አልመለስም። ያኔስ መንገዱ እንደሚከፈት ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ሐኪሟ ለመነቻት። እኔም አልቤርጎው ተመልሰን አልጋው ጫፍ ተቀምጬ እስኪመሽ ነዘነዝኳት። በእልኸኝነት አገር የሚያውቀኝ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን በለጠችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት መንገዱ ተከፈተ። አውቶቡሶቹ ወደ አዲስ አበባ እየተጣሩ ሲወጡ ኪኒኗን በውኃ ሰጠኋት። ቆይቼ ምግብ ቤት ሽሮ አዘዝኩላት፤ ጨው ጠይቄም በገዛ እጄ ነሰነስኩላት። ቀምሳ፣ «አሁን ጣመኝ» አለች። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግረን ወደ ቡሬ በሚወስደው በኩል ቆምን።