አራት ጣሳ ጠላ

አሶሳ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። የተከራየኋት ክፍል ከባምባሲ መንገድ ገባ ብላ በቀርቀሃ አጥር ውስጥ ነበረች። ጎረቤቶቼ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ እኔም መልሼ እላለሁ። ከዚያ በሬን ከዘጋሁ እስኪነጋ ድረስ ድምፄን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሥራ ቦታ ስገባ አንዳንዴ የመጀመሪያው ቃሌ ሻክሮ ይወጣ ነበር።

አዛውንቱ የመጡት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ለቡአ ቀዶ ሕክምና። አስታማሚ አልነበራቸውም። በወጣትነታቸው በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ተበታትነዋል። የያዙት አንድ ጋቢና የፕላስቲክ ጫማ ብቻ ነው።

"አባባ፣ የሚያስታምምዎ ሰው የለም?"

"እኔው እበቃለሁ፣ ልጄ።"

ከቀዶ ጥገና በፊት የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቅኋቸው። መድኃኒት? የለም። ሲጋራ? የለም። መጠጥ ያዘወትራሉ ወይ ስላቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ጠላ ብቻ ነው። እሱስ መጠጥ ይባላል?"

"በቀን ምን ያህል?"

"አራት ጣሳ። ከዚያ አይበልጥም።"

ጣሳ ሲሉ በሐሳቤ የመጣችው ቤታችን የነበረችው ትንሿ ቆርቆሮ ናት። አራት ጣሳ ጠላ ብዬ ለሐኪሙ ነገርኩት። ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፤ ሰው አስጨርሶ የሚሰማ።

"ጠላ ስንት ፐርሰንት ነው፣ ሲስተር?" አለኝ።

"እንደ ጠማቂዋ ነው።"

"ችግሩ እሱ ነው። ቢራ ቢሆን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እኛ አገር ደግሞ ቦርዴ የሚባለውን የእህል መጠጥ ልጅም ይጠጣዋል፤ ጠላ እንደሱ ከሆነ አራት ጣሳ ምንም አይደለም።"

አዛውንቱ ግን ውሃ ስሰጣቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት። ያንን ነገርኩት። ሄዶ እጃቸውን ዘርግተው እንዲያሳዩት ጠየቃቸው፤ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ቆምን።

"እርጅናም ያንቀጠቅጣል" አለ። "በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚወስዱ ከሆነ ግን፣ እዚህ ተኝተው ድንገት ሲያቆሙ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሰውነታቸው ሊያንዘፈዝፋቸው፣ አእምሯቸውም ሊቃዥ ይችላል። ያን ጊዜ ሆዳቸው ላይ ትኩስ ስፌት ካለ አስቢው። ያንን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ግን ለማያስፈልጋቸው ሽማግሌ ከሰጠሁት ደግሞ ትንፋሻቸውን ያደክመዋል። በግምትም ቢሆን ልኩን ባውቅ ደስ ይለኛል።"

አዛውንቱን የሚጠጡበትን ቤት ጠየቅኋቸው። ከተማው ዳር፣ ወደ መንደራቸው በሚያወጣው መንገድ ላይ እንደሆነ ነገሩኝ። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ ከመግባት ይልቅ ወደዚያ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር መሄጃ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠላ ሻጯ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም የሰፋሪ ልጅ። ነርስነቴን ስነግራቸው መጀመሪያ ደነገጡ። በጠላቸው የታመመ ሰው ኖሮ ልከሳቸው የመጣሁ መስሏቸው ነበር።

"እትዬ፣ ክስ አይደለም" አልኳቸው። "አባባ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። የሚጠጡት ምን ያህል እንደሚበረታ ማወቅ ፈልገን ነው።"

የአዛውንቱን ስም ስጠራላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። "ያቺን ጥግ አየሻት? የእሳቸው ናት" አሉኝ በእጃቸው እየጠቆሙ። "ምሳ ሰዓት ይመጣሉ፣ ማታ ይመጣሉ። ከማንም አይጣሉም።"

"የትኛውን ጠላ ነው የሚጠጡት?"

ይህን የጠየቅሁት በአንድ ቤት ውስጥ እንኳን ጠላ አንድ ስላልሆነ ነው። ሴትየዋ አስረዱኝ። ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ ውሃ ጨምረው የሚያወርዱት አለ፤ እሱ ለመንገደኛ፣ ለጥማት የሚጠጣ ነው። ውሃ ሳይበዛበት ድፍድፉ በጨርቅ የሚጣራው ደግሞ ፊልተር የሚባለው ነው፤ እሱ ያዞራል። አዛውንቱ የሚጠጡት ፊልተሩን ነበር። በሙቀቱ ወራት ቶሎ እንደሚፈላ፣ በክረምት እንደሚዘገይ፣ ብቅሉ ጥሩ የሆነ ጊዜ እንደሚበረታም ነገሩኝ።

"እንግዲህ ያሁኑና የሚመጣው ሳምንት አንድ አይሆንም ማለት ነው?"

"እንዴት አንድ ይሆናል፣ እህቴ? እኔ ምላሴ ላይ አውቀዋለሁ፤ ስንት ነው ብትይኝ ግን ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ከዚያ ጣሳቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ያመጡት እኔ ያሰብኳት ቆርቆሮ አልነበረችም፤ ሰፊ የፕላስቲክ መጠጫ ናት። ቦርሳዬ ውስጥ ባለው የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ለካሁት። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ገብቶ፣ ገና ግማሽ ጠርሙስ ያስፈልገው ነበር። አራት ጣሳ ማለት ሦስት ሊትር ሆነ። በዚያው ጠርሙስ ፊልተሩን አስቀድቼ ሄድኩ፤ ስከፍላቸው አልተቀበሉኝም። "ደህና ይሁኑልኝ ብቻ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ሄድኩ። ባለሙያው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ድሮ የሽንት ክብደት የሚለካበት የመስታወት ተንሳፋፊ መሳቢያ ውስጥ ነበረው። ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንድ ሺህ ላይ ይቆማል፤ ፈሳሹ ሲከብድ ከፍ ይላል፣ ሲቀል ይሰምጣል።

"ጠላው ውስጥ ከትተን አልኮሉን አናነብም?" አልኩት።

"አይሆንም። አልኮሉ ያቀለዋል፣ የቀረው የእህል ስኳርና ዝቃጭ ደግሞ ያከብደዋል። ሁለቱ ይሸፋፈናሉ። አልኮሉን አውጥተን ልዩነቱን ማየት አለብን።"

መጀመሪያ ጠላውን አጥልሎ ጋዙ እስኪወጣ ደጋግሞ አናወጠው፤ አረፋ ተንሳፋፊውን እንዳያነሣው። ከዚያ ልኩን ሰፍሮ ለካ፤ አንድ ሺህ ስድስት። ያንኑ ጠላ ወደ ግማሽ እስኪደርስ በቀስታ አፈላው። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን በዚህ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል። ክፍሉን ሁሉ የድግስ ቤት ሽታ ሞላው፤ ናፍቆት እንደ ያዘኝ አስታውሳለሁ፣ የማን ድግስ እንደናፈቀኝ ግን አላውቅም። እንደ መጀመሪያው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የጎደለውን በተጣራ ውሃ እስከ መጀመሪያው ልክ ሞላውና እንደገና ለካው፤ አንድ ሺህ አሥራ አራት። የስምንት ልዩነት። ያ ስምንት የወጣው አልኮል ማለት ነው።

ሐኪሙ ስልኩ ላይ ሰንጠረዥ አውጥቶ አስተያየው። ከመቶ አምስት ተኩል እስከ ስድስት ይሆናል አለ። መሣሪያው ለዚህ የተሠራ ስላልሆነና የጠላው ብርታት ስለሚለያይ ወደ ላይ ይዘን ስድስት አልነው። ወረቀት ላይ አሰላን። ሦስት ሊትር በስድስት ከመቶ ሲባዛ፣ መቶ ሰማንያ ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል። አንድ ጠርሙስ ቢራ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ቢይዝ ነው።

"አሥራ አንድ ቢራ" አለ ሐኪሙ። "በየቀኑ።"

አዛውንቱ ዘንድ ሄጄ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ደህና ይሁኑልኝ እንዳሉ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"እቤቷ ሄድሽ?"

"ሄድኩ። አባባ፣ ከጠላው ሌላ የሚጠጡት አለ? አልቆጣም። ለሕክምናው ነው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጠዋት አንዲት መለኪያ አረቄ። እጄ እስኪረጋ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሳልጠጣ ቁልፌን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል።"

አረቄውን መለካት አልቻልንም። አንዳንዱ በክብሪት አቃጥሎ ይፈትነዋል፤ በአሶሳ ሙቀት ግን መካከለኛውም ጠንካራውም ይነዳል፣ ነበልባሉ ቁጥር አይናገርም። ሐኪሙ ከመቶ አርባ ገደማ ብሎ ያዘው፤ አንዷ መለኪያ የአንድ ቢራ ያህል ናት። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ጠዋት ጠዋት መፈለጋቸው በቃው።

ቡአው የሚያጣድፍ ስላልነበር ቀዶ ጥገናው ተራዘመ። የቫይታሚን መርፌና የሚያረጋጋው መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ መድኃኒቱ በየቀኑ ልኩ እየቀነሰ የሚሄድ ነው። በሁለተኛው ቀን አንሶላቸው በላብ ራሰ። ጉንዳን ነው እያሉ ከጋቢያቸው ላይ የሌለ ነገር ያራግፉ ነበር። እጃቸውን ይዤ "ጉንዳን የለም፣ አባባ" ስላቸው "አንቺ ካልሽ" ይሉኛል፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና ያራግፋሉ። ሐኪሙ ልኩን ጨመረላቸው። ሳያንዘፈዝፋቸው አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሾርባ በአንድ እጃቸው ጠጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ቡአቸው በደህና ተሠራ።

ሲወጡ ሐኪሙ ወደ ጠላው እንዳይመለሱ መከራቸው። አዳመጡት፣ አመሰገኑት፣ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ስፌታቸውን ለማስፈታት ሲመጡ ክሩን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ቁስሉ ጥሩ ድኗል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ረግቶ ተቀምጧል።

"ጠላውስ?" አልኳቸው።

"አልቀመስኩም።"

"ጎበዝ ነዎት።"

"ጉብዝናው ምን ያደርጋል፣ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሳልጠጣ ቤቷ ገብቼ መቀመጥ አፈርኩ። ሴትየዋ ሻይ ላፍላልዎ ብላኝ ነበር። ሰዉ ግን በጠላ ነው የሚያወራው፤ እኔ ሻዬን ይዤ ስቀመጥ ወሬው ያልፈኛል። ስለዚህ ቀረሁ። አሁን ገና ሳይመሽ እገባለሁ።"

ክሩን ጎትቼ አወጣሁ። ሦስት ሊትሩን ለክተናል፣ አልኮሉን አውጥተን አስልተናል፤ ያች ጥግ ለእሳቸው ምን እንደነበረች ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

"አንቺስ" አሉኝ፣ "ማታ ማታ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምንም፣ አባባ። ስልኬን አያለሁ። እተኛለሁ።"

"ቤተ ዘመድ የለሽም እዚህ?"

"የለኝም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጓንቴን አወለቅሁ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ለበሱ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ተነሡ። መንደራቸው ሩቅ አይደለም፣ በበቆሎ እሸት ጊዜ ነይ አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው።

እሸቱ ሳይደርስ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ከዓመት በኋላ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ስናወራ አዛውንቱ አንድ ጊዜ ለሳል መጥተው እንዳያቸው ነገረኝ። እየጠጡ እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር። አንዳንዴ ብለውታል፤ የቀጠነውን፣ ውሃ የበዛበትን፣ አንድ ጣሳ። እሱም እንደ ሐኪም ሊከለክላቸው ጀምሮ ተወውና፣ ምሳ ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ጠየቃቸው። በዚህ ጥያቄ ላይ ረዥም ጊዜ እንዳወሩ ነገረኝ።