የሱቃችን አዲስ ስምና የእናቴ ቆብ

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እናቴ የሱቃችንን ስም ለመለወጥ ቆረጠች። ሱቁ ብቸና ገበያው ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ነበር። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ጣውላ የአባቴን ስም ከነአባቱ ይዟል። ያጻፈውም ራሱ ነው፣ ሰማያዊውን ቀለም ከአዲስ አበባ አስመጥቶ።

ነገሩን ያመጣው ዕቃ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና አቡጀዲ ከመርካቶ በካሚዮን ይመጣል፤ የተላከለት ሰው ስም በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። መርካቶ ያሉት ነጋዴዎች ከልማዳቸው አልወጡም፤ መሞቱን እያወቁም በሱቁ ስም፣ ማለት በአባቴ ስም ይልካሉ። ደጀን ላይ ዕቃ የሚያራግፈው ባለ መጋዘን ደግሞ አዲስ ሰው ነበርና፣ "የተጻፈለት ሰው ራሱ መጥቶ ይፈርም" ብሎ ጨዋችንን ያዘ። እናቴ ሄደች።

"የተጻፈለት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያለው። ሄደህ አስፈርመው" አለችው።

ለቀቀላት። በሚቀጥለው ጭነት ግን ሌላ ሠራተኛ ተተክቶ እንደገና ያው ሆነ።

ይህ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። የከበዳት ለቅሶው ነው። ለቀብር ያልደረሰ ሰው ሟቹ ቤት በመጣበት ቀን ማልቀስ አለበት፤ ይህ የማይቀር ወግ ነው። የእኛ ደንበኛ ደግሞ ከሩቅ፣ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ብዙ ነው። ላምባ ሊገዛ ይመጣና ወደ ጣውላው ቀና ብሎ፣ "ጌታው የት ሄዱ?" ይላል። እንነግረዋለን። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጀምራል። እናቴም ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እንደተወች ወጥታ አብራ ታለቅሳለች። የቀረው ገዢ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንድ የገበያ ቀን አባቴን ከጧት እስከ ማታ ስንቀብረው እንውላለን እላለሁ።

ከሁሉ የምትብሰው አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። ያገባችው ሞጣ ነው። ብቸና በመጣች ቁጥር ገና ከካሚዮኑ ሳትወርድ ጣውላውን አይታ ትጮኻለች። እናቴ ትፈራታለች።

ንግድ ፈቃዱ በእናቴ ስም ሲታደስ እንግዲህ ሱቁም ስሙን ይለውጥ አለች። ማንበብ የማይችለውም እንዲያገኘው ብላ "ሾላ ሥር መደብር" አለችው። ለብቸና ዙሪያ ሰው በአፍ ይነገራል። ያስጨነቋት የሞጣዎቹ ናቸው። እነዚህ ከእኛ በጅምላ ወስደው ሞጣ ላይ የሚቸረችሩ ሴቶች ናቸው፤ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ መጥተው የወቅቱን ሁሉ አንድ ጊዜ ይጭናሉ። እናቴ ግምጃ ቤቱን የምትሞላው ለእነሱ ነው። በሩ ላይ ሌላ ጽሑፍ አይተው ሱቁ ተሸጠ ብለው እንዳይመለሱ ፈራች። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ።

ጸሐፊው የቅኔ መምህር የነበሩ፣ ለሰው ሁሉ አቤቱታ የሚጽፉ የኔታ ነበሩ። እናቴ ነገረቻቸው፦ "ሱቁ ስሙን ለውጧል፣ ሾላ ሥር መደብር ተብሏል፣ ዕቃው ያው ነው፣ ሴትዮዋም ያችው ናት በሉልኝ።"

"ልጄ፣ ደብዳቤ እንዲህ ራቁቱን አይሄድም" አሉ የኔታ።

አለበሱት። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ዓለም ኃላፊ ጠፊ መሆኗ፣ ሰው ሣር መሆኑ። ከዚያ፣ "የቀድሞውን ስም ከባለቤቴ ጋር ለመቃብር ትቼ ከእንግዲህ በአዲስ ስም መጠራትን መርጫለሁ" የሚል መጣ። ምክንያቱ፣ የሱቁ አዲስ ስም፣ ጨዉም ከመጋዘን ሞልቶ እንደሚጠብቃቸው ከወረቀቱ ግርጌ ሰፈረ። ሲነበብላት እናቴ አለቀሰች፣ ወደደችውም። እስክትሸመድደው ድረስ ደጋግማ አስነበበች። የሱቁ ማኅተም የአባቴን ስም ስለያዘ በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ ወረቀቱም በካሚዮን ሾፌር እጅ ሞጣ ሄደ።

ግንቦት አለቀ። ማንም አልመጣም። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲከብድ ጨው ማላብ ጀመረ፤ ጨው በክረምት እንደሚያለቅስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ጧት ጧት ጆንያውን በመዳፏ ዳብሳ፣ መዳፏን ልሳ ትወጣለች። ጨዉ ከቀለጠ፣ ላምባውም ሳይሸጥ ከከረመ ለመስከረም ዕቃ ማውጫ ገንዘብ የለንም፤ ሱቁም እኛም በዚያው አበቃን። ይህን ለእኔ አልነገረችኝም። ግን ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ዝግ ብሎ ይራመድ ነበር።

አንድ ቀን ከሞጣ የመጣ አጋሰስ ነጂ በራችን ቆመ። ጥቅልል ሰጣት። ስትፈታው አዲስ ነጭ ኩታና መቁጠሪያ ነው።

"የሞጣ ደንበኞችሽ ልከውልሽ ነው። በጸሎትሽ አስቢን ብለዋል" አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ጨዉንስ መቼ ይወስዱታል?"

ሰውዬው ግራ ገባው። "ጨው? ዕቃውን ሁሉ ለድኻ አከፋፍለሽ ገዳም ልትገቢ አይደለም እንዴ?"

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሳታስበው መቁጠሪያውን ትቆጥር ነበር።

በማግስቱ እኔን ይዛ በካሚዮን ሞጣ ሄደች። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወርደን የገፋንበት ቦታ አለ። እናቴ አፏን የከፈተችው አንዴ ብቻ ነው፤ "ለአክስትሽ ምን እላታለሁ?" አለችኝ።

አክስቴ በሯ ላይ ጠበቀችን። እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም። እናቴን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋን ሳመችና ሻሿን አየች።

"ቆቡስ?"

"የምን ቆብ፣ እትዬ?"

"ገና አላጠለቅሽም? እኔ ለነፍስ አባቴ ሳይቀር ነግሬያለሁ። የወንድሜ ሚስት ከእሱ በኋላ ዓለምን ናቀች፣ ለሱ ስትል መነኮሰች እያልኩ ነው የከረምሁት።"

ደስ ብሏት፣ ኮርታ ነው የምትናገረው። ወዲያው ቤቱ ሞላ። ደንበኞቻችን መምጣቷን ሰምተው ገቡ። ከፊት ያለችው የሁሉ አውራ ናት፣ ሳቋ ወፍራም የሆነ ሴት። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የእናቴን ጉልበት ሳመች።

"እማሆይ፣ እንደምን አሉ?"

እናቴ እግሯን ሰበሰበች። "አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ባለፈው ዓመት ስለ ሳሙና ስንጨቃጨቅ አልነበረም ወይ?"

"እሱን ይቅር ይበሉኝ፣ እማሆይ።"

"አልመነኮስኩም!"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ በቀስታ፣ "ደብዳቤው እኮ" አለች። ደብዳቤው ከአውራዋ ቤት መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። የገበያ ዕለት ሰብሰብ ብለው ለአንድ ዲያቆን ሰጥተውታል። ሰላምታውን አነበበ፣ ዓለም ኃላፊ መሆኗን አነበበ፣ አዲስ ስም መምረጧን አነበበ። እዚያ ላይ በረዶ ወረደ። ገበያው ተበተነ፣ ዲያቆኑ ወረቀቱን ከራሱ ላይ አድርጎ ሮጠ። ሲደርቅ የግርጌው ጽሑፍ ሁሉ ሰማያዊ ደመና ሆኖ ቀረ። ደግሞስ የቀረው ምን ያደርግላቸዋል? ባሏ የሞተባት ሴት የድሮ ስሟን ለመቃብር ትታ አዲስ ስም ከያዘች ይህ ምንኩስና ነው። በእኛ አገር ሌላ ስም የሚሰጥ ነገር የለም፤ ሱቅ ክርስትና አይነሣም።

"እማሆይን እንዴት ብለን ላምባ ቅጂልን እንላለን ብለን ተሳቀቅን" አለች አውራዋ። "ከደጀን አንድ ነጋዴ ልንገዛም ቃል ልከንበታል።"

"ተስማማችሁ?" አለች እናቴ።

"የት ተስማምተን! ሚዛኑን አናምነውም። መንገዱ እንዳይዘጋብን ግን ነገ ወደ እሱ ልንነሣ ነበር።"

እናቴ ማንበብ አትችልም። ያን የጠፋውን ግርጌ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ተነሥታ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እንደ የኔታ ድምጿን አውጥታ አነበነበችው፦ ሱቁ ሾላ ሥር መደብር መባሉን፣ ዕቃው በሟች ስም እየተጻፈ ደጀን መያዙን፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ ጣውላውን እያየ ባለቤቱን እንደሚጠይቅ፣ እርሷም በየገበያው አዲስ ሐዘን እንደምትቀመጥ፣ ጨው ከመጋዘን ሞልቶ እንደሚጠብቃቸው። "ሴትዮዋም ያችው ናት" የሚለውን ከራሷ ጨመረችበት፤ የኔታ አውጥተውት ነበርና።

አውራዋ ያን ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ቤቱን አዳረሰው። አንዷ ዕንባዋን እየጠረገች፣ "የሳሙናው ነገርስ ይቅር ተብሏል ወይስ ተመለሰ?" አለች።

"ተመልሷል" አለች እናቴ።

አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

"ወንድሜን ከበሩ አወረድሽው እንግዲህ" አለች።

"እትዬ፣ ልረሳው ብዬ አይደለም። ሚዛን ይዤ እንዳላለቅስ ነው። ልጆቹን የማበላው በዚያ ሚዛን ነው። ባለቅስ በቤቴ ላልቅስ፣ በሙት ዓመቱ ላልቅስ። እርስዎም ሲመጡ ከካሚዮን ላይ አይጩሁብኝ፤ ገብተው አብረን እናልቅስ።"

አክስቴ መሬት መሬት አየች። ኋላ ለሴቶቹ ፊቷን አዞረችና፣ "ምን ተጎልታችኋል? ዝናቡ ሳይጥል ካሚዮን ፈልጉ እንጂ" አለች።

በማግስቱ ሴቶቹ ከእኛ ጋር በአንድ ካሚዮን ብቸና ወረዱ። እናቴ በላይኛው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስታወራ አልሰማኋትም። ጨዉን ከግርጌው ጥቂት ከማላቡ በቀር ደህና አገኙት፤ ላምባውንም አቡጀዲውንም አንሥተው ዝናቡ ሳይከብድ ሄዱ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴ ወለሉን ጠርጋ መሐሉ ላይ ትንሽ ቆመች። ኩታውንና መቁጠሪያውን ልትመልስላቸው ብትል አውራዋ እምቢ ብላ ነበር፤ "ያዥው፣ ስታረጂ ይሆንሻል" አለቻት። እናቴ ኩታውን ለበሰችው።

መስከረም ላይ አክስቴ መጣች። ከካሚዮኑ ዝም ብላ ወረደች፣ አዲሱን ጣውላ አየች፣ ጓዳ ገብታ ከእናቴ ጋር አለቀሰች። ከዚያ የድሮው ጣውላ የት እንዳለ ጠየቀች። ከጆንያዎቹ ኋላ አወጣንላት። በነጠላዋ ጠቅልላ ሞጣ ወሰደችው፤ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋ የእህል ጎታዋን ከደነችበት።