«ነጠላ ጫማ አድርጋ ትታጠብ»

የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው ሥራዬ። የምኖረው ቴፒ ነው፤ ሥራ ከተገኘ ሸኮም ማሻም እሄዳለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ። አይጥ የወለደችበት የብሬከር ሳጥን ከፍቻለሁ፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የሽቦ መገናኛ በእጄ አውጥቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ያቅለሸለሸኝ የለም። የታናሽ እህቴ ባል ሚዛን ተፈሪ ባሠራው አዲስ ቤት ሳሎን መሃል ቆሞ አንዲት ነገር ተናገረ፤ እሷን ነገር እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

እህቴ ከዚያ ቤት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሞቀ ውሃ። ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማታል። በኪራይ ቤቱ ጓሮ፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባባት በባልዲ ስትታጠብ ዓመታት አለፉ። «እቴቴ፣ ቧንቧ ከፍቼ ሙቅ ውሃ ሥር ዝም ብዬ መቆም ነው ያማረኝ፤ ሌላው የራሱ ጉዳይ» ትለኝ ነበር። ባሏ ቡና ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። ቤቱን ሲሠራ ጂፕሰሙንም፣ የሚያብረቀርቀውን ሴራሚክም፣ ቦይለሩንም አስገባላት።

ዝርጋታውን ለእኔ አልሰጠኝም። «ከዘመድ ጋር ሥራ ያቀያይማል» አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሚስቱ እህት ሱሪ ለብሳ መሰላል ላይ ስትንጠላጠል ሰፈሩ እንዲያይ አልፈለገም። ይሁን ብዬ ተውኩት። ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው እህቴ ደወለችና «አንቺ ሳታዪው ያንን ቧንቧ አልነካም፤ ነይልኝ» አለችኝ። መሣሪያዬን ይዤ በጠዋቱ መኪና ተሳፈርኩ።

ቤቱ ላዩ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ። የብሬከር ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ትልልቁ ብሬከር ነው። መብራቱም፣ ሶኬቱም፣ ቦይለሩም በቀጭኑ፣ ባለ አንድ ተኩል ሚሊ ሽቦ ተስቦ ባለ ሠላሳ ሁለት አምፔር ብሬከር ላይ ታስሯል። አንድ ተኩል የመብራት ሽቦ ነው፤ ከባለ አሥር ብሬከር ጋር ነው የሚሄደው። ለሶኬት ሁለት ተኩል ይሳባል፤ ለምጣድና ለምድጃ ደግሞ ለየራሳቸው አራት። ብሬከር የሚቀመጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እንዲቆርጥ። ሠላሳ ሁለቱ እስኪቆርጥ ድረስ ያ ቀጭን ሽቦ ግድግዳ ውስጥ የላስቲክ ልብሱ ይቀልጣል።

ኤሌክትሪሺያኑ እዚያው ነበር። የቀረችውን አምፖል ሊሰቅል መጥቶ ነው። «ለምን ሠላሳ ሁለት?» አልኩት።

«ትንሹ ብሬከር እየወደቀ አስቸገረ» አለኝ።

ሊያስቸግር አይደለም እንዴ የተፈጠረው! ዘበኛው ጮኸ ብሎ አፉን የሚያፍን ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

የእህቴ ባል ከኋላዬ ቆሞ «እትዬ፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሁሉም እየበራ አይደል?» አለ። እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ወደ ኧርዙ ሄድኩ።

ኧርዝ ማለት ለማያውቀው፣ ኤሌክትሪኩ ከቦታው አፈትልኮ የቦይለሩን ወይ የፍሪጁን ቆርቆሮ ቢነካ በሰው ገላ ሳይሆን በራሱ ሽቦ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው፤ ከየሶኬቱ ተሰብስቦ ሳጥኑ ውስጥ ይታሰራል፤ ከዚያ በአንድ ወፍራም ሽቦ ወጥቶ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ላይ ይያያዛል። በዚህ ቤት ሳጥን ውስጥም አለ። ወፍራሙም አለ፤ ግድግዳውን ቀዶ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ይገባል። ላየው ሰው የተሟላ ነው።

ለማንኛውም ብዬ የቤቱን ኧርዝ ሽቦዎች በሙሉ ከማሰሪያው ፈታሁ፤ ለሙከራ የምልከው ኤሌክትሪክ በየዕቃው ቆርቆሮ ላይ እንዳይወጣ። ሰዎቹን ከደረጃው አራቅኩ። ከዚያ አንድ ባለ መቶ ዋት አምፖል፣ የድሮውን ዓይነት፣ አንዱን ጫፍ ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ፌዝ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ወደ መሬት በሚወርደው ወፍራም ሽቦ ላይ አደረግኩ። ደህና ኧርዝ ቢሆን አምፖሉ ቦግ ይላል። ይሄ ውስጡ ያለችው ክር ብቻ ቀላች፤ እንደ ሲጋራ ጫፍ።

መብራቱን ከዋናው አጠፋሁና ደረጃው ሥር ገብቼ ሽቦውን ሳብኩት። መጣ። ካሮት እንኳን ትንሽ ያስቸግራል። ጫፉ ክንድ በማትሞላ የፌሮ ቁራጭ ላይ ተጠምጥሟል፤ የቤቱ አምድ ሲታሰር የተረፈች ዝገት የበላት ፌሮ ናት። ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረም። ጭቃው እጄ ላይ እየተንጠባጠበ ቀና ብዬ ኤሌክትሪሺያኑን አየሁት።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ዘንግ ለደረቅ አገር ነው። የእኛ የሚዛን አፈር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፤ አፈሩ ራሱ ኧርዝ ነው።»

ይሄን ነገር ከሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት፤ በዚህ ቡና አገር ብዙ ሰው ያምንበታል። ዝናባችን ያሞኘናል። አፈር ቢረጥብም አንዲት ቁራጭ ብረት የምትነካው አፈር ስንት ነው? ረጅሙ ዘንግ ወደ ታች ገብቶ ብዙ አፈር የሚይዘው ለዚህ ነው። ደግሞ ያ እርጥበት ወዳጅ አይደለም። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ እግርን የሚያረጥብ እሱው ነው፤ የረጠበ ገላ ደግሞ ለኤሌክትሪክ በሩን ከፍቶ ይቀበለዋል።

መታጠቢያ ቤቱን ሳይ ደግሞ ባሰ። የቦይለሩ መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ኧርዙ ጭራሽ አልተሳበም። ቱቦ ውስጥ ቢሆን አዲስ ሽቦ እስብ ነበር፤ እሱ ግን ሽቦውን ራቁቱን በሲሚንቶ ለስኖ ሴራሚክ አልብሶታል።

ሳሎን ሰበሰብኳቸው። እህቴ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «ይህ ሴራሚክ ይሰበራል» አልኩ። «ለቦይለሩ በቱቦ አዲስ መስመር ይሳባል፤ ዘንግ ይተከላል፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከር ይገባል። ይህ ሳይሆን እህቴ እዚያ ገብታ አትታጠብም።»

የእህቴ ባል ሴራሚኩን በመዳፉ ዳሰሰው። ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣው፤ ያው ዓይነት ሁለተኛ አይገኝም። ኤሌክትሪሺያኑን አየ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ባልየው ወደ እኔ ዞር ብሎ ያቺን ነገር ተናገረ።

«ምን ችግር አለው እትዬ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ ትታጠብ።»

ጠላሁት። በቃ፣ በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። ሴራሚክ እንዳይሰበር ሰው ይሰበር ያለ ነው የመሰለኝ። እህቴን አየኋት። የምታየው ባሏን አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን እጁን ነበር።

እኔ መሳደብ እችልበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ስድቡም አስጠላኝ። ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞርኩና «ጥሩ። ቦይለሩን አብራው፤ ወለሉን ውሃ እናፍስበት። አንተ ጫማህን አውልቅና ገብተህ የቧንቧውን እጀታ ያዝልኝ» አልኩት። ላደርገው አልነበረም፤ ዋናው መብራት እንደጠፋ ነው። እሱ ግን ያንን ረስቷል።

ጎንበስ አለ፤ የጫማውን ክር የሚፈታ መሰለኝ። ክሩን አጠበቀና ቀና አለ። «አፈሩ ራሱ ኧርዝ ነው አላልክም?» አልኩት። «እሱማ ነው» አለ፤ ከቆመበት ግን ንቅንቅ አላለም። የእህቴ ባል የሰውየውን ጫማ ሲያይ አየሁት። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣና መዶሻ ይዞ ተመለሰ፤ የመጀመሪያውን ሴራሚክ ራሱ መታው።

ሥራውን እኔ ሠራሁት። መብራቱን በአንድ ተኩል ከባለ አሥር ጋር፣ ሶኬቱን በሁለት ተኩል ከባለ ሃያ ጋር፣ ለቦይለሩ ለብቻው ሁለት ተኩል ከነኧርዙ፣ ለምጣዱና ለምድጃው ለየብቻቸው አራት። ዘንጉን ከደረጃው አርቄ፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ቦታ ላይ፣ ጫፉ ብቻ እስኪቀር ቀበርኩት። እርጥቡ አፈር አሁን ጠቀመን፤ ዘንግ ሲኖር ይጠቅማል። አምፖሉን መልሼ ሞከርኩ፤ ዓይን አልከፈት እስኪል ቦግ አለ። በመለኪያም ለካሁት፤ ደህና ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጠውን ብሬከር የሙከራ ቁልፉን ስጫነው ቀጭ ብሎ ወረደ። የእህቴ ባል መዶሻውን እንደያዘ ሲታገል ዋለ፤ ወደ ላይ ስወጣ መሰላሉን የያዘልኝም እሱ ነው። ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅኩም። የመታጠቢያው ግድግዳ መሃሉ ላይ ሌላ ቀለም ሴራሚክ ተለጥፎበት ጠባሳ ይዞ ቀረ።

ሲያልቅ እህቴን «ግቢ አሁን፤ እኔ ነኝ የምልሽ» አልኳት። ፎጣዋን ይዛ መጣች። ውሃው ሞቋል፤ ስንት ዓመት የጠበቀችው ውሃ። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ከእግሯ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፤ አንሥታ ወደ ኮሪደሩ ማዶ ወረወረችው። ፎጣውን ለባሏ ዘረጋችለት።

«አንተ ቅደም» አለችው። «በባዶ እግርህ።»

ሊስቅ ሞከረ። እኔን አየኝ፤ ዘወር አልኩ። ካልሲውን አወለቀ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤ ገባና በሩን ዘጋ። እኔና እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። የዘንጉን ልኬት እኔ አውቀዋለሁ፤ ምንም እንደማይሆን አውቃለሁ። እሱ ግን አያውቅም ነበር። የቧንቧው ድምፅ ቶሎ አልመጣም። እህቴም እንዲመጣ አልቸኮለችም።