ሊፈርስ ነው ያልነውን አዳራሽ ኖራ የቀባሁ ዕለት

የዚያን ቀን ጠዋት የሠራሁትን ሞኝነት አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሊፈርስ ነው ብዬ የእርዳታ ማመልከቻ የጻፍኩለትን አዳራሽ፣ ጉዳቱን ሊያዩ በሚመጡበት ዕለት ኖራ ቀባሁት። ስንጥቁን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ በላዩ ጭቃ ለጥፌ፣ ነጭ በነጭ አደረግሁት። ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁትና በራሴ ኮራሁ። ሽበት ብልህ ቢያደርግ ኖሮ በጎች ሁሉ ሊቅ በሆኑ ነበር።

አዳራሹ የእድራችን ነው። ከሸማ ተራ ጀርባ ያለ፣ በጭቃ የተመረገ የእንጨት ቤት ሲሆን አባቶቻችን አዋጥተው የሠሩት፣ ኋላም በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ወር በገባ ቁጥር የምንሰበሰበው እዚያ ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የለቅሶው ድስት የሚያድረውም እዚያው ነው። ወረዳው ግን አስመርምሮ፣ ክረምት ሳይገባ ካልተጠገነ ይታሸጋል ብሎ ጻፈልን። ከታሸገ ንብረታችንን ይዘን የት እንደምንገባ የሚያውቅ አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ድንኳን ቀርቶ ጃንጥላ የሚዘረጋበት ቦታ ማግኘት ችሎታ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለታሪካዊ ቤቶች ጥገና ገንዘብ ለሚሰጥ ድርጅት ማመልከቻ እንዲጻፍ ተወሰነ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሥራዬ ማን እንደሞተ፣ ማን ከቀብር እንደቀረ፣ ማን እንደሚቀጣ መጻፍ ስለሆነ እጄ ሐዘን ለምዷል። «የሰሜኑ ግድግዳ ተሰንጥቆ የሰው እጅ ያስገባል፤ ጣራው ያፈሳል፤ የማዕዘኑ ምሰሶ ከሥሩ በስብሷል» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ለአዳራሹ ድንኳን ልተክል ምንም አልቀረኝም። የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ቃለ ጉባኤውንና የሥራ ተቋራጩን ዋጋ አያይዘን አስገባን። ከሳምንታት በኋላ ባለሙያ መጥታ ቤቱን ታያለች የሚል ስልክ ተደወለልን።

እንግዳ ይመጣል መባሉን ስንሰማ ደብዳቤውን ረሳነው። የእድሩ ዳኛ አባታቸው ከአዳራሹ ሠሪዎች አንዱ ስለነበሩ፣ ሰው ቤታችንን ተጎሳቁሎ አያየውም አሉ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ ደግሞ ከቤታቸው ምንጣፍ አመጡ፤ ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ውሃ ያረገዘውን የአቡጀዲ ኮርኒስ ለመሸፈን ከሸማ ተራ ባለጥለት መጋረጃ ተውሰው አሰቀሉ። እኔ ብሩሹን ያዝኩ። ደብዳቤውን የጻፈውና ኖራውን የቀባው ያው አንድ ራስ ነው፤ ሁለቱ ግን እዚያ ውስጥ ሲኖሩ ተገናኝተው አያውቁም።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ የአሮጌ ቤቶች ጥገና ያጠናች። የእኔን ደብዳቤ በእጇ ይዛ ገባች። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ግድግዳውን አየች።

«ስንጥቁ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የምን ስንጥቅ?» አሉ ዳኛው፣ ሰው ልጃቸውን ነውረኛ ያለባቸው ይመስል። «ይሄ ቤት እኮ ገና ጎረምሳ ነው።»

ስለ ጣራው ስትጠይቅ እትዬ ቀደም ብለው፣ ጠብታ እንኳ እንደማይገባ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ነፋስ ብቻ እንደሚገባ፣ እሱም ለጤና እንደሚበጅ አስረዱ። ምሰሶውን ለማየት ጎንበስ ስትል ዳኛው ከፊቱ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡበትና ስለ ቤተሰቧ ደኅንነት ይጠይቋት ጀመር። እኔም አንገቴን በመነቅነቅ አገዝኳቸው። አንዱን ደብዳቤዬን ሦስት ሽማግሌዎች ተረባርበን ሐሰተኛ አደረግነው።

ልጅቷ ደብተሯን አጠፈች። በትሕትና፣ ማመልከቻው ብዙ መሆኑን፣ ገንዘቡ የባሰበት ቤት እንዲቀድም መመሪያ መኖሩን ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የጻፉት ስለዚህ ቤት ነው?»

ያኔ ነው ክረምቱ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። የታሸገው በር፣ ውጭ የተከመረው ወንበር ታየኝ። ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሄጄ በቁልፌ ኖራውን መፋቅ ያዝኩ። ዳኛው አበደ ብለው ተነሡ። ያልደረቀው ጭቃ ሲወርድ ጋዜጣው ብቅ አለ፤ መዝዤ መዝዤ ስጨርስ፣ የጻፍኩት እውነት መሆኑን ለማሳየት እጄን እስከ ክርኔ ስንጥቁ ውስጥ ከተትኩ።

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ጨበጠኝ።

ከግድግዳው ውጭ ባልዲና ሳፋ የሚሸጥ ጎረቤት አለን። እጅ ሲወጣለት ምን ያድርግ? ሰው ሰላም ካለህ ሰላም ትላለህ። አጥብቆ ጨብጦ፣ «ደኅና አደሩ፣ ጋሼ?» ሲል ድምፁ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። በውስጥ በኩል እኔን፣ ወጣ ብላ ደግሞ የእጄን ሌላኛውን ጫፍ። ጎረቤታችንም ፎቶ መሆኑን ሲያውቅ ባልዲዎቹን አስተካከለና እጄን እንደገና ጨበጠኝ።

ልጅቷ ተመልሳ ገባች። ዳኛው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እንግዳ ፊት ገመናችንን አላወጣም ብዬ ነው» አሉ። «ክረምት ክረምት እዚህ የምመጣው ባልዲ ልቀያይር ነው። አባቴ በሠራው ቤት ውስጥ ውሃ ስቀዳ እኖራለሁ። እንዳይዘጉብን።»

ይህን ብለው ወንበሩን ከምሰሶው ፊት አነሡላት። እትዬም መጋረጃውን ራሳቸው አወረዱት። ያረገዘው ኮርኒስ ታየ፤ ከጫፉ አቧራና የአይጥ ጎጆ ምንጣፋቸው ላይ ወረደ።

ልጅቷ አሁን ደስ ብሏት ሁሉንም ለካች። ማመልከቻውን እንድናስተካክልም መከረችን። ከመጽደቁ በፊት የተሠራ ሥራ ስለማይከፈል፣ በጉራ ይጨመርልኝ ያልኳት የዛሬው የኖራና የብሩሽ ዋጋ አይገባም አለች። በተቋራጩ ዋጋ ውስጥ ያለው ሲሚንቶም ይውጣ፤ የጭቃ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ እንደ ጥንቱ ጭቃና ጭድ፣ በላዩ ኖራ ይሁን። የእኛ መዋጮም ይጻፍ፤ ገንዘብ ባይኖረን ጉልበትና ዕቃ ይቆጠራል። ደግሞም አንድ ክንድ የሚያህል ግድግዳ በጭቃና በጭድ ለሙከራ መርገን እንድናሳያት ጠየቀች።

አዲሱን ደብዳቤ ስንጽፍ ዳኛው አጠገቤ ተቀመጡ። «በስብሷል» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ብዕሬን ያዙ። «ደከም ብሏል» በለው አሉኝ። ደከም ላለው ምሰሶ ማንም ብር እንደማይሰጥ ነገርኳቸው። ብዕሩን ለቀቁ፤ ማኅተሙን ግን ፊታቸውን አዙረው ነው የመቱት።

የቀረው ጭድ ነበር። የት እንደሚገኝ መች ጠፍቶኝ፤ ስሙን አምኜ ቀጥ ብዬ ጭድ ተራ ሄድኩ። ያን ዕለት ከሸቀጥ ሸቀጥ ሲያሳዩኝ ዋሉ እንጂ ጭድ ያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። አንዱ ባለሱቅማ፣ «ጋሼ፣ ስሙን ነው የተዉልን» ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ በጓሮው ለበዓል በግ የሚያደልብ የእድራችን አባል አንድ ማዳበሪያ ጭድ አበደረኝ። በብር ሳይሆን ጭዱን በጭድ እንድመልስለት ነው ያለው።

ጭቃውን ለቀናት አቡክተን፣ መርገን፣ አደረቅን። ልጅቷ መጥታ በጣቷ አንኳኳችውና እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ማመልከቻው ጸደቀ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ገብቶ ጣራው ተነሥቶ በአዲስ ቆርቆሮ ተተካ፤ ወረዳውም ማሸጉን ተወ። ዳኛው በመጀመሪያው ዝናብ ባዶ እጃቸውን መጥተው መሐል አዳራሹ ላይ ቆሙ፤ ምን እንደሚሠሩ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ባለበጉ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ አዳራሹ አያነሣም። በጎቹ እንዴት እንደከሱ ብቻ ይነግረኛል። አንድ ማዳበሪያ ጭድ አለብኝ።