እኛ አንደውልም

ታናሽ ወንድሜ በሥራው ከአዲስ አበባ አለቆቹ ጋር በቪዲዮ መሰብሰብ የለመደ ሰው ነው። ሚዛን ከተማ ሆኖ የአካባቢውን ገበሬዎች ቡና ጥራት ይከታተላል፤ ሰኞ ሰኞ ሪፖርቱን በስልክ ስክሪን ያቀርባል። ታዲያ ኔትወርክ ከዳኝ ብሎ የሚደናገጥ ሰው አይደለም። ሁሌም ሊንኩን ሲልክ አብሮ መጠባበቂያ ይልካል፤ ቪዲዮው ቢቋረጥ በየት እንገናኛለን፣ ማን ለማን ይደውላል የሚለውን አስቀድሞ ይጽፋል። ይህን ልማዱን እቀልድበት ነበር። ሽማግሌ የላክን ዕለት ግን ቀልዱ አለቀ።

ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ሚዛን መምህርት ነበረች፤ ወላጆቿ ያሉት ራቅ ባለችው ቱም ከተማ ነው። ክረምቱ መንገዱን ከመሀል በላው፤ መኪና ካለፈ ሰነበተ። ሽማግሌዎቹ መንገዱ እስኪጠገን እንጠብቅ ቢሉም፣ ልጅቱ ለእረፍት ስትሄድ መንገዱ ሳይዘጋ ቀድማ ገብታ ነበርና አባቷን አናገረች። እሳቸውም በስልክ ድምፅ ብቻ ልጅ አይጠየቅም፣ ፊታችሁን ልየው፣ የልጁን አባትም ልየው አሉ። አባት እንደ ወጉ ከሽማግሌ ጋር አይቆምም፤ የእኛ ግን በዚህ ሰበብ ሊቆም ሆነ። ደስ ብሎት ኮቱን ሦስት ቀን አስቀድሞ አስተኮሰ።

ወንድሜ ሊንኩን ለልጅቱ በቴሌግራም ላከ። ዳታ ሲጠፋ ቴሌግራምም አብሮ ስለሚጠፋ፣ መጠባበቂያውን ለአባቷ እንድታነብላቸው በተራ መልእክት ለብቻው ላከው። ዳታ ቢሞት መደበኛ ጥሪ ብዙ ጊዜ ይሠራልና የቤታችንን ቁጥር አስቀመጠ፤ ከዚያ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ቪዲዮው ከተቋረጠ ጥቂት እንጠብቅ። ካልተመለሰ በዚህ ቁጥር እናንተ ትደውላላችሁ። እኛ አንደውልም፤ ሁለታችንም ከደወልን መስመሩ ይያዛል።» ነገሩ ልክ ነው። እኔና እሱ ራሳችን ስንት ጊዜ እኩል ስንደዋወል መስመር ተይዟል የምትለዋን ሴትዮ ሰምተናል። ኔትወርኩ የሚመጣና የሚሄደውም በእነሱ በኩል ስለሆነ፣ መቼ እንደተመለሰ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለአለቆቹ የሚጽፈውን ነው ለአማቹ የጻፈው።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ፦ አባቴ፣ የጎረቤታችን ሱቅ ባለቤት የሆኑት ሐጂ፣ እና የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ፊት በስኳር ቆርቆሮ አስደግፌ አቆምኩት። ሴት ሆኜ እዚያ መገኘቴ የስልኩ ባለሙያ በመሆኔ ብቻ ነው። ወንድሜ በረንዳ ላይ ነበር፤ ሙሽራ ለመሆን የሚለመንለት ሰው በስብሰባው አይቀመጥም። በመስኮቱ ግን አንገቱን እያስገባ ስልኩን ቀና አድርጊው ይለኝ ነበር።

ምስሉ መጣ። የልጅቱ አባት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቁጭ ብለዋል፣ ከጎናቸው ሁለት ሰዎች። ስልኩ የልጅቱ ነው፤ እሷ ግን የለችም፣ ጓዳ ናት። የእሳቸው ትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታው ረዘመ። ዝናቡ፣ ከብቱ፣ የቡናው ፍሬ ተጠየቀ። ከዚያ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን…» ሲሉ የልጅቱ አባት እጃቸውን አነሱ፤ ምስሉም እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ደረቀ።

ስክሪኑ ላይ ክቡ ዞረ ዞረና ጠፋ።

እኔ ሊንኩን ደግሜ ከፈትኩት። እኛ ብቻ ነበርን እዚያ ውስጥ፤ ራሳችንን እያየን። ወንድሜ በመስኮት «ጠብቁ፣ ይደውላሉ» አለ። ጠበቅን። አልደወሉም። ሽማግሌዎቹም አልተቀመጡም፤ ልጅ ሊለምን የሄደ ሰው ቁጭ በሉ ሳይባል አይቀመጥም፣ እሳቸው ደግሞ ገና አላሉም። አባቴ ጉልበቱ ያመዋል። ሁለት ጊዜ ወንበር አቀረብኩለት፤ ሁለት ጊዜ በዓይኑ መለሰኝ።

የተነሳችው እጅ ሁላችንንም አሳበደችን። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ በዝግታ፣ እጁ በቃ ማለቱ ይመስለኛል አሉ። ሐጂ ዝንብ ሊያባርር ይሆናል አሉ። ወንድሜ በረንዳው ላይ ይመላለስ ጀመር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጅቱን እንዳይጠይቃት ስልኳ አባቷ ፊት ነው። አባትየው ትንሿን ስልካቸውን ማንሳት ሲችሉ ካላነሱ መልሳቸው ያ ነው ብሎ ቆረጠ። «እንቢ ብለውኛል» አለኝ። ያን ያህል እንደሚወዳት እስከዚያ ቀን በደንብ አልገባኝም ነበር።  እንደውል አልኩ፤ እሱ ግን አትደውሉ አለ፣ እነሱም እየሞከሩ ከሆነ መስመሩ ይያዛል፣ ተነጋግረናል።

አባቴ ያን ጊዜ ዞሮ አየው። «የተነጋገርከው ምንድን ነው? አንብቢልኝ» አለኝ። ወንድሜ በመስኮት ካቀበለኝ ስልክ መልእክቱን አነበብኩለት። እናንተ ትደውላላችሁ የሚለው ላይ ስደርስ በእጁ አስቆመኝ።

«ማን ነው የሚደውለው? የልጅቱ አባት?»

ወንድሜ አዎ አለ፤ ኔትወርኩ በእነሱ በኩል ስለሚቋረጥ ብሎ ማስረዳት ጀመረ።

«ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ ይደውል?» አለ አባቴ።

 ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ፣ ድምፅ ሳያወጡ። እኔ የዛሬ ሰው ነኝ የምል፣ በወንድሜ ልማድ የማሾፍ፣ ለእኔም ብልጭ አላለልኝም ነበር። ቱም ውስጥ አንድ ሰው ትንሽ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል። እንዲደውል ተጽፎለታል፤ አባት ስለሆነ አይደውልም።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ አባትየው ትንሽ ስልክ ራሱ ደወለ። ላውድ አደረግሁለት። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«አቤት» አሉ የልጅቱ አባት። አማርኛ በኋላ የለመዱት ነው፣ ቃሉን እየመረጡ ይናገራሉ። አባቴ ይቅርታ ጠየቀ፣ መስመሩ ነው አለ። እሳቸው ግን፣ «ሄዳችሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን ተቀምጣችኋል?»

«ቆመናል። ቁጭ በሉ አላሉንም።»

 ጥሪው ተቋረጠ ብዬ ስክሪኑን አየሁ፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«ብዬ ነበር» አሉ። «እጄን አንስቼ ቁጭ በሉ ስል ነው የጠፋችሁት። እስካሁን ቆማችሁ? በሉ ተቀመጡ፤ እባካችሁ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እኩል ተቀመጡ። የአባቴ ወንበር አሮጌ ነው፣ ሲቀመጡበት ይጮሃል። በስልኩ ውስጥ የልጅቱ አባት «ሰማሁ» አሉ። ከዚያ ሐጂ ያቋረጡትን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ የዕለቱ መልስም እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሆነ፦ መንገዱ ሲጠገን ኑ፣ በአካል እንነጋገር። ለሚያውቅ ሰው ይህ እሺ ነው። ወንድሜ በረንዳ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ አለቀሰ። እኔም።

አሁን ልጅ ወልደዋል። እሑድ እሑድ ልጁን ቱም ላሉት አያቶቹ በቪዲዮ እናሳያለን፤ ወንድሜ እንደ ልማዱ ሊንኩን ከነመጠባበቂያው ይልካል። መልእክቱ ግን ተቀይሯል፤ ከተቋረጠ እኛ እንደውላለን ይላል። መቋረጡ አልቀረም። ሲቋረጥ አባቴ ስልኩን ይቀበለናል፣ ወንበሩን ተደግፎ ይነሳል፣ ይደውላል።

በቀደም ጉልበቱ ብሶበት አየሁና፣ ልጅቱ ከተሰጠች ስንት ጊዜው፣ ቁጭ ብለህ ብትደውል ምን አለበት አልኩት።

«ቁጭ በል እስኪሉኝ ነው» አለኝ። «ሁሌም ይሉኛል።»